ቱል 93ኛ፣ ድሬክ ሰባት ቦታ፦ ሮክ ከቻርቱ አናት እንዴት ወረደ

ጥያቄ፦ «ሰላም ጋሼ። እኔ ያደግኩት ታላቅ ወንድሜ በሚከፍተው ሮክ ነው። ኒርቫና፣ ሊንኪን ፓርክ፣ ኒክልባክ። ያኔ ቻርቱ አናት ላይ ነበሩ። አሁን ቢልቦርድ ሆት 100ን ስከፍት ከላይ እስከ ታች ራፕና ፖፕ ነው። የጊታር ባንድ ለምልክት እንኳን የለም ማለት ይቻላል። ሮክ ምን ነክቶት ነው? ሰው ጠላው? ወይስ እኛ የማናውቀው ነገር አለ?»

ምላሽ፦

ወንድሜ፣ በሁለት አልበሞች ልጀምርልህ። ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።

በ2018 ጁን መጨረሻ ላይ ራፐሩ ድሬክ «ስኮርፒየን» የሚለውን አልበም አወጣ። 25 ዘፈን አለው። በመጀመሪያው ሳምንት አሜሪካ ውስጥ ብቻ ዘፈኖቹ 746 ሚሊዮን ጊዜ ያህል በስትሪሚንግ ተደመጡ። ቢልቦርድ የሚባለው የአሜሪካ የሙዚቃ መጽሔት ቀጥሎ ባወጣው ሆት 100 ላይ ድሬክ ከመጀመሪያዎቹ አሥር ቦታዎች ሰባቱን ያዘ። የአልበሙ 25 ዘፈኖች አንድም ሳይቀር መቶው ውስጥ ገቡ።

ከዓመት በኋላ፣ በ2019 ኦገስት መጨረሻ፣ ቱል የሚባለው የሎስ አንጀለስ የሮክ ባንድ «ፊር ኢኖኩለም»ን አወጣ። አድናቂዎቹ 13 ዓመት ሙሉ የጠበቁት አልበም ነው። በመጀመሪያው ሳምንት 248,000 ኮፒ ተሸጠ። በአልበሞች ዝርዝር፣ ማለትም በቢልቦርድ 200፣ የቴይለር ስዊፍትን አዲስ አልበም አውርዶ አንደኛ ሆነ። ሆት 100 ላይስ? የአልበሙ መጠሪያ የሆነው ዘፈን የደረሰው 93ኛ ነው።

አሁን አንድ ነገር ልብ በልልኝ። ድሬክ በዚያ ሳምንቱ የሸጠው ሙሉ አልበም 160,000 ገደማ ነው። ገንዘብ አውጥቶ አልበም በሚገዛ ሰው ብዛት ከሆነ ቱል በልጦታል። ለጥያቄህ የግማሹ መልስ እዚህ ላይ ነው ያለው።

ሆት 100 የዘፈን ዝርዝር ነው። የአልበም ሽያጭ አይቆጥርም። የሚቆጥረው ሦስት ነገር ነው፦ ዘፈኑ ለብቻው ስንት ተሸጠ፣ በሬዲዮ ስንት ሰው ጆሮ ደረሰ፣ በስትሪሚንግ ስንት ጊዜ ተደመጠ። የቱል አድናቂ ሲዲውን ገዛ። ቤቱ ገብቶ መቶ ጊዜ ሰማው። ይህ ሁሉ ለሆት 100 ዜሮ ነው። በአልበሞቹ ዝርዝር ላይም የተቆጠረለት አንዴ ብቻ ነው፣ የገዛ ቀን። የድሬክ አድናቂ ደግሞ በስልኩ ሰማ። ሥራ ሲሄድ፣ ስፖርት ሲሠራ፣ ዕቃ ሲያጥብ። እያንዳንዷ ተመዘገበችለት።

ስትሪሚንግ ራሱ ሲቆጥር አንድ ጠባይ አለው። ስፖቲፋይ ላይ አንድ ዘፈን 30 ሴኮንድ ከተደመጠ «አንድ» ይባላል። ዘፈኑ ሦስት ደቂቃ ይሁን አሥር ደቂቃ ለውጥ የለውም። ያ የቱል ዘፈን ከ10 ደቂቃ በላይ ነው። እንዲያውም እስከዚያ ቀን ሆት 100 ውስጥ ከገቡት ዘፈኖች ሁሉ ረጅሙ ነበር። እሱን እየደጋገምክ አንድ ሰዓት ብትሰማ ስድስት ጊዜ ብቻ ይቆጠራል። የሦስት ደቂቃ ዘፈን ግን በዚያችው ሰዓት 20 ጊዜ ይቆጠራል።

በአልበም ደረጃም ሒሳቡን እንሥራው። በዚያን ጊዜው የቢልቦርድ ደንብ፣ ከፍለው የሚያዳምጡ ሰዎች ከአንድ አልበም ዘፈኖችን 1,250 ጊዜ ከሰሙ እንደ አንድ አልበም ሽያጭ ይያዝ ነበር። «ስኮርፒየን» 90 ደቂቃ ያህል ነው። በኢንተርኔት የወጣው «ፊር ኢኖኩለም» ደግሞ 86 ደቂቃ ገደማ። ርዝመታቸው ያው በሉት። ግን አንዱ 25 ቦታ ተቆርጧል፣ ሌላው 10 ቦታ። ስኮርፒየንን ከዳር እስከ ዳር 50 ጊዜ የሰማ ሰው 1,250ን ሞላ። ይህ 75 ሰዓት ነው። የቱል አድናቂ ግን 125 ጊዜ መስማት አለበት። ወደ 180 ሰዓት። ሁለቱም ሙዚቃቸውን እኩል ቢወዱም አንዱ ለአንዲት ቁጥር ከእጥፍ በላይ ጊዜ ይቀመጣል።

ቱል የባሰበት ምሳሌ እንደሆነ አውቃለሁ። አብዛኛው የሮክ ባንድ የሚሠራው የአራት ደቂቃ ዘፈን ነው። ቱል ደግሞ ጭራሽ እስከዚያው ኦገስት ድረስ ሙዚቃውን ስትሪሚንግ ላይ አላስገባም ነበር። የመረጥኩት ነገሩ ጎልቶ የሚታየው እሱ ላይ ስለሆነ ነው።

ደንቡ ራሱ ምን ያህል ጉልበት እንዳለው ማየት ከፈለግክ ወደ እንግሊዝ ሂድ። በማርች 2017 ኤድ ሺራን አልበም ሲያወጣ ከመጀመሪያዎቹ 20 ቦታዎች 16ቱ የእሱ ሆኑ። የቻርቱ ባለቤቶች ደነገጡ። በዚያው ዓመት ጁላይ ላይ አንድ ዋና ዘፋኝ በአንድ ጊዜ ከሦስት ዘፈን በላይ እንዳይኖረው አገዱ። ድሬክ አሜሪካ ውስጥ ያደረገውን በእንግሊዝ ደንብ ማድረግ አይችልም ነበር። አድማጩ አልተለወጠም፤ የተለወጠው ሚዛኑ ነው።

ታዲያ ቻርቱ ይዋሻል ማለቴ ነው? አይደለም። እንዲያውም ሮክ ለረጅም ጊዜ ሲጠቀም የኖረው ሚዛኑ የተዛባ በነበረበት ዘመን ነው። ይህን ሳልነግርህ ባልፍ ለሮክ አዳልቻለሁ።

እስከ 1991 ድረስ የቢልቦርድ የአልበም ዝርዝር የሚሠራው በስልክ ነበር። ነገሩን እንደዚህ አስበው። አንድ ሙዚቃ ቤት ውስጥ ስልክ ይደወላል። ከባንኮኒው ጀርባ ያለው ሻጭ ያነሳል። «በዚህ ሳምንት ምን ምን ተሸጠ?» ይባላል። እሱ የሽያጭ መዝገብ አይገልጥም። መደርደሪያውን ቃኘት አድርጎ ከትዝታው ይደረድራል። አንደኛ እከሌ፣ ሁለተኛ እከሌ። ቁጥር አይናገርም፣ ተራ ብቻ። ሻጩ ራሱ ሮክ ወዳድ ከሆነ ሮኩ ቀድሞ ይመጣለታል። ጓዳ ውስጥ ያልተሸጠ ካርቶን ተከምሮ ከሆነም ያንን አልበም ከፍ አድርጎ መጥራት ያዋጣዋል። አሳታሚ ኩባንያዎቹም ይህን ያውቁ ነበርና ሻጮችን በስጦታ ያባብሉ ነበር። ራፕና ካንትሪ የሚሸጡባቸው ሱቆች ደግሞ የስልኩ ዝርዝር ውስጥ በቂ ቦታ አልነበራቸውም።

በሜይ 1991 ሳውንድስካን የሚባል ሥርዓት መጣ። ሥራው ቀላል ነው። ገንዘብ ተቀባዩ የአልበሙን ባርኮድ ሲያነብ ሽያጩ በቀጥታ ይቆጠራል። አስተያየት የለም። አንድ ወር ሳይሞላ ኤን ደብሊው ኤ የሚባለው የካሊፎርኒያ ራፕ ቡድን አልበም በሁለተኛነት ገባ፣ በሳምንቱ አንደኛ ሆነ። ሬዲዮ የማያጫውተው፣ የተቃወመው ሁሉ እንዲታገድ የሚጮህበት ቡድን ነበር። ገዢው ግን ከድሮም ነበረ። ያን ጊዜ የተደረገው ነገር የነበረውን ሰው መቁጠር ብቻ ነው።

አዲሱ ቆጣሪ መጀመሪያ ላይ ሮክንም አልጎዳም። በዚያው ጁን ስኪድ ሮው የሚባለው የሄቪ ሜታል ባንድ አልበም በወጣ በመጀመሪያው ሳምንት አንደኛ ሆኖ ገባ። ኦገስት ላይ ሜታሊካ ደገመው። በጃንዋሪ 1992 የኒርቫና «ኔቨርማይንድ» የማይክል ጃክሰንን «ዴንጀረስ» አስወርዶ አናት ላይ ወጣ። ወንድምህ ያኔ የሰማው ያ ነው። ስለዚህ 1991ን የሮክ መጥፊያ ነው የሚሉ ሰዎች ይሳሳታሉ። ራፕ የሚገባውን ቦታ አገኘ፣ ሮክም ለአሥር ዓመት አብሮ ቆየ።

የሮክ ስህተት የመጣው በእነዚያ ጥሩ ዓመታት ነው። ጥፋቱ የባንዶቹ ሳይሆን ከኋላቸው የነበሩት ኩባንያዎች ነው ባይ ነኝ።

በ90ዎቹ ኩባንያዎቹ ነጠላ ዜማ መሸጥ ተዉ። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ሰው አንዱን ዘፈን በሦስት ዶላር ከገዛ ሙሉውን ሲዲ በ15 እና በ16 ዶላር አይገዛም። ስለዚህ ዘፈኑን ለሬዲዮ ይሰጣሉ፣ ሱቅ ውስጥ ግን ለብቻው አያስቀምጡም። የወደድከው አንድ ዘፈን ቢሆንም 12ቱን ትገዛለህ። የዚያን ጊዜው የሆት 100 ደንብ ደግሞ ለብቻው ያልተሸጠ ዘፈን አልቀበልም ይል ነበር። ኖ ዳውት የተባለው የካሊፎርኒያ ባንድ «ዶንት ስፒክ» የሚል ዘፈን ነበረው። ሬዲዮን ብቻ በሚቆጥረው ዝርዝር 16 ሳምንት አንደኛ ነበር። ሆት 100 ላይ ግን አንድም ቀን አልገባም። ደንቡ የተነሳው በ1998 ዲሴምበር ነው።

አየህ፣ ሮክ በ90ዎቹም ቢሆን ሆት 100ን እንደ ቤቱ አልቆጠረውም ነበር። ቤቱ አልበም ነው። ሲዲ ነው። ይህ ለጊዜው ብዙ ገንዘብ አስገኘ። በ2001 አሜሪካ ውስጥ ከሁሉ በላይ የተሸጠው አልበም የሊንኪን ፓርክ «ሃይብሪድ ቲዮሪ» ነው። የ2002 የሆት 100 የዓመቱ አንደኛ ዘፈን ደግሞ የኒክልባክ «ሃው ዩ ሪማይንድ ሚ» ሆነ። ወንድምህ አልተሳሳተም፤ ያኔ በእርግጥ አናት ላይ ነበሩ።

ግን ሲዲው ራሱ እየተናደ ነበር። ናፕስተር በ1999 ዘፈን በነጻ ማውረድን አስተማረ። አፕል በ2003 አንዱን ዘፈን በ99 ሳንቲም መሸጥ ጀመረ። ሰው የሚወደውን ዘፈን ነጥሎ መውሰድ ቻለ። አልበም ሙሉውን እንዲገዛ ያስገድደው የነበረው ነገር ሲቀር በአልበም የሚኖረው ሙዚቃ ከሁሉ በላይ ተጎዳ። ራፕና አር ኤንድ ቢ ነጠላ ዜማን ከመጀመሪያውም አልተዉትም ነበር። ክለብ ውስጥ፣ መኪና ውስጥ፣ ሬዲዮ ላይ የሚኖሩት በአንድ በአንድ ዘፈን ነው። በኦክቶበር 2003 በሆት 100 ታሪክ ለመጀመሪያ ጊዜ አሥሩም የላይኛ ቦታዎች በጥቁር አርቲስቶች ተያዙ። ኒክልባክ የዓመቱ አንደኛ ከሆነበት ጊዜ አንድ ዓመት እንኳን አልሞላም።

ሬዲዮውንም ልንገርህ፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው ይረሳዋል። በ1996 አሜሪካ አዲስ የቴሌኮም ሕግ አወጣች። ከዚያ በፊት አንድ ኩባንያ በመላ አገሪቱ ከ40 በላይ ጣቢያ መያዝ አይችልም ነበር። ሕጉ ያንን ገደብ አነሳ። በጥቂት ዓመት ውስጥ ክሊር ቻነል የሚባለው ኩባንያ ብቻውን ወደ 1,200 ጣቢያ ያዘ። ጣቢያ የበዛበት ኩባንያ እያንዳንዱን ጣቢያ ለአንድ ዓይነት አድማጭ ይመድባል። እዚህ የድሮ ሮክ፣ እዚያ ከባድ ሮክ፣ እዚያ ደግሞ አልተርናቲቭ። ሮክ በየክፍሉ ተከፋፈለ። የራፕና የአር ኤንድ ቢ ዘፈን ግን ከራሱ ጣቢያ ተነስቶ ወደ ዋናዎቹ የፖፕ ጣቢያዎች ይሻገር ነበር። ሆት 100 የሬዲዮን ነጥብ የሚሰጠው በአድማጭ ብዛት ነው። በሦስት ዓይነት ጣቢያ የሚጫወት ዘፈን በአንድ ዓይነት ጣቢያ ብቻ ከሚጫወተው ይበልጣል። አዲስ የሮክ ባንድ አልተርናቲቭ ጣቢያዎች ላይ ለወራት አንደኛ ሆኖ ሆት 100 ላይ 80ኛ አካባቢ ሲንገላታ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ።

የድሮ ሮክ ጣቢያዎቹ ደግሞ ሌላ ጣጣ አላቸው። አዲሱ ባንድ የሚወዳደረው ከራፕ ጋር ብቻ አይደለም። ከገዛ አባቶቹም ጋር ነው። ሮክ መስማት የፈለገ ሰው ፍሊትውድ ማክን፣ ኩዊንን፣ ኤሲ ዲሲን ይከፍታል። ይህ መደመጥ ሞልቶ ተርፏል፤ ግን ሆት 100 ላይ አይታይም። 20 ሳምንት ቆይቶ ከ50ኛ በታች የወረደ ዘፈን ከዝርዝሩ ይወጣል የሚል ደንብ ስላለ የድሮ ዘፈን ተመልሶ የሚገባው ድንገት ሲፈነዳ ብቻ ነው። በ2020 አንድ ሰው ስኬትቦርድ ላይ ሆኖ የፍሊትውድ ማክን «ድሪምስ» እየሰማ ራሱን ቀርጾ ቲክቶክ ላይ ለቀቀ። የ1977 ዘፈን ሆት 100 ውስጥ ተመልሶ ገባ። ይህን የመሰለ ነገር ደግሞ በየሳምንቱ አይመጣም።

ኒልሰን የሚባለው ለካሚ ድርጅት የ2017ን ዓመታዊ ሒሳብ ሲያወጣ፣ አሜሪካ ውስጥ ከተሸጠውና ከተደመጠው ሙዚቃ ሁሉ ራፕና አር ኤንድ ቢ አንድ ላይ 24.5 በመቶ፣ ሮክ 20.8 በመቶ ሆኑ። ሮክ በዚህ ልኬት ሲበለጥ የመጀመሪያው ነው። ጋዜጦች ሁሉ «ሮክ ሞተ» ብለው ጻፉ። በዚያው ሪፖርት ላይ ግን በሙሉ አልበም ሽያጭ ሮክ አሁንም ይመራ ነበር። የተበለጠው በስትሪሚንግ ነው። ያንን ግማሽ ገጽ ማንም አልጻፈውም፤ እስከ ዛሬ ያናድደኛል።

እስካሁን ስለ ሚዛኑ ነው ያወራሁህ። ግን ሁሉንም በሚዛን ማሳበብ አልፈልግም። እኔ የድምፅ ኢንጂነር ነኝ። ከ20 ዓመት በላይ ማይክ ስተክል ኖሬያለሁ። ሮክ ከውስጥም የተዳከመበት ምክንያት አለ፤ ያንን ያየሁት በዓይኔ ነው።

ባለ አምስት ሰው የሮክ ባንድ ሊቀዳ ሲመጣ የመጀመሪያው ቀን በሙሉ የድራም ነው። ለእግር ድራሙ አንድ ማይክ፣ አንዳንዴ ሁለት። ስኔሩ ላይ ከላይ አንድ፣ ከታች አንድ። ለእያንዳንዱ ቶም አንድ አንድ። ከላይ ለሲምባሎቹ ሁለት። ራቅ አድርገህ ለክፍሉ ድምፅ ደግሞ ሁለት። አሥር ማይክ አለፈ፤ ጊታር ገና ከቦርሳው አልወጣም። ከዚያ ድራመሩ ቆዳውን ሲወጥርና ሲያላላ ሁለት ሰዓት ይሄዳል። አንዱ ማይክ ከሌላው ጋር ሲጣረስ ድምፁ ሥጋ ያጣል። አንዱን በሁለት ጣት ታስጠጋለህ፣ እንደገና ትሰማለህ። ክፍሉ ራሱ ትልቅ መሆን አለበት፤ ትልቅ ክፍል ደግሞ ውድ ነው። ሰዓቱ እየቆጠረ ነው። አምስቱም ሰዎች ምሳ ይበላሉ። አምስቱም ከሥራ ፈቃድ ወስደው ነው የመጡት።

አንድ ጊዜ እንዲህ ያለ ባንድ ለሦስት ዘፈን አራት ቀን ተከራየ። በሦስተኛው ቀን ቤዝ የሚጫወተው ልጅ የሥራ ፈረቃው ስላልተቀየረለት ሄደ። ቀሪውን ቤዝ ጊታሪስቱ ተጫወተው። በዚያው ሳምንት ማታ አንድ ራፐር መጣ። ቢቱን ጓደኛው ላፕቶፕ ላይ ሠርቶ ልኮለታል። አንድ ማይክ አቆምኩ። በሁለት ሰዓት ተኩል ሁለት ዘፈን ጨርሶ ወጣ። በነጋታው ኢንተርኔት ላይ ለቀቀው። ባንዱ ዘፈኖቹን ያወጣው ከሰባት ወር በኋላ ነው።

ሠርግ ላይ ሙሉ ባንድ በአንድ ኪቦርድ ሲተካ ያየ የአገራችን ሰው ይህን ለመረዳት ብዙ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

ላፕቶፕ ላይ ሙዚቃ መሥራት በ2000ዎቹ ርካሽ ሆነ። በ2007 ሶልጃ ቦይ የሚባል የ17 ዓመት ልጅ ቤት ውስጥ ኤፍኤል ስቱዲዮ በሚባለው ፕሮግራም የሠራው ዘፈን ለሰባት ሳምንት ሆት 100ን መራ። አንድ ልጅ፣ አንድ ኮምፒውተር። ለሮክ የሚሆን ድራምና አምፕሊፋየር ግን አፓርትመንት ውስጥ አይቻልም። ጎረቤት ፖሊስ ይጠራል። የመለማመጃ ክፍል መከራየት አለብህ፣ አምስት ሰው ማግባባት አለብህ። አዲስ ልጅ ሙዚቃ ሲጀምር እጁ የሚገባው መሣሪያ ተቀየረ። ከዚያ የሚወጣው ሙዚቃም ተቀየረ።

ስትሪሚንግ ሲመጣ ይህ ፍጥነት ቻርት ላይ ታየ። ቱል 13 ዓመት ዝም ባለበት ጊዜ ውስጥ ድሬክ የመጀመሪያ አልበሙን አውጥቶ አምስተኛው ላይ ደረሰ። በዚያ ላይ በሰው ዘፈን ውስጥ በእንግድነት መግባት የራፕ ወግ ነው። በእያንዳንዱ እንግድነት ስሙ አዲስ አድማጭ ጋ ይደርሳል። ባንድ ግን ሌላ ሰው ዘፈን ላይ እንዴት እንግዳ ይሆናል? አምስት ሰው ይዞ?

ይህንን ካየህ በኋላ አናት ላይ የወጡት ጥቂት ባንዶች ለምን እንደወጡ ይገባሃል። ኢማጂን ድራገንስ «ሬድዮአክቲቭ»ን ሆት 100 ላይ 87 ሳምንት ያቆየው ከበሮው እንደ ሂፕሆፕ ቢት ስለሚመታ ነው ብዬ አምናለሁ። ግላስ አኒማልስ የተባለው የእንግሊዝ ባንድ በ2022 «ሂት ዌቭስ»ን አንደኛ ለማድረስ 59 ሳምንት ፈጅቶበታል። በሆት 100 ታሪክ እንደዚያ ዘግይቶ አንደኛ የወጣ ከዚያ በፊት አልነበረም። ያም ዘፈን ቢሆን በላፕቶፕ ሙዚቃ መንገድ የተሠራ ነው። የጊታር ድምፅ ራሱ ግን አልጠፋም። በ2021 ኦሊቪያ ሮድሪጎ «ጉድ ፎር ዩ» ብላ አንደኛ ስትወጣ ዘፈኑ ከላይ እስከ ታች የፐንክ ጊታር ነው። ቻርቱ ላይ ያለው ስም ግን የአንድ ሰው ነው።

ራስህ ማረጋገጥ ከፈለግክ እንዲህ አድርግ። ሆት 100ን ዝጋና በዚያው ሳምንት የወጣውን ቢልቦርድ 200 ክፈት። ቀስ ብለህ ወደ ታች ውረድ። የፍሊትውድ ማክ «ሩመርስ» የሆነ ቦታ ላይ ሳታገኘው አትቀርም፣ ምናልባት ኒርቫናንም። ከእያንዳንዱ አጠገብ ዝርዝሩ ላይ ስንት ሳምንት እንደቆየ ተጽፏል። የሮኩን ቁጥር ከአዲሶቹ ጋር አስተያየው። ከዚያ የሮክና አልተርናቲቭን ዝርዝር ለብቻው ክፈትና የባንድ ስሞችን ከአንድ ሰው ስሞች ለይተህ ቁጠር። ወንድምህንም አጠገብህ አስቀምጠው።

ባለፈው ወር ስቱዲዮ አንዲት ልጅ መጣች። ጀርባዋ ላይ ጊታር፣ እጇ ላይ ላፕቶፕ። ድራሙን ቤት ውስጥ በኮምፒውተር ሠርታው ነበር፤ በደንብ ሠርታዋለች። ቤዙንም ራሷ ተጫውታ ቀድታ መጥታለች። ከእኔ የፈለገችው ለጊታሩ አምፕሊፋየር ጮክ አድርጋ የምትከፍትበት ክፍል ብቻ ነው። ሁለት ማይክ አቆምኩላት፤ አንዱን ወደ አምፕሊፋየሩ አስጠግቼ፣ ሌላውን ራቅ አድርጌ። ሦስት ሰዓት ሠራች። ዘፈኑ ንጹሕ ሮክ ነው፣ ሁለት ደቂቃ ከአርባ። ስትወጣ ባንድሽ ማን ይባላል አልኳት። የራሷን ስም ነገረችኝ።